ሽንኩርት በአይሱዙ

ዛሬ ጽሑፌ ረዘም ይላል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ያላችሁ አንብቡት፣ ሰልፉ ሳያልቅ ትጨርሱታላችሁ።

ነገሩ ስለወደቅኩበት ጥያቄ ነው። አዎ፣ እኔው ነኝ የወደቅኩት። በየሴሚስተሩ ወረቀታችሁን በቀይ እስክሪብቶ ሳቀላው የኖርኩት ሰውዬ ከ20 ማርክ ዜሮ አገኘሁ። ግማሽ ማርክ እንኳን ለድካም ብሎ የሰጠኝ የለም።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ ማስተማር የጀመርኩት በሒሳብ ዲፕሎማ ነው። ዲግሪውን "በሚቀጥለው ዓመት" ስል ስል ሠላሳዎቹ ውስጥ ገባሁ። ካቻምና ቆረጥኩና ቅዳሜና እሁድ ኮምፒውተር ሳይንስ መማር ጀመርኩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ አስተምራለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከአያት ባቡር ይዤ መገናኛ እወርድና እኔም ተራዬን ዴስክ ላይ እቀመጣለሁ። ክፍሉ ውስጥ ካሉት አብዛኞቹ በአሥር ዓመት ያንሱኛል። አንዷ ደግሞ የራሴ ተማሪ ነበረች። አሥራ አንደኛ ክፍል ሎጂክ ያስተማርኳት ልጅ አሁን ከኋላዬ ትቀመጣለች። እኔ ክላስሜት ነን ብላትም እሷ "ቲቸር"ንም አንቱታውንም አልተወችም።

የፈተናው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ "ባለሦስት ሳት ኤንፒ-ኮምፕሊት መሆኑ የታወቀ ነው። ይህን ተጠቅመህ የክሊክ ችግር ኤንፒ-ኮምፕሊት መሆኑን አሳይ።"

ሁለት ገጽ ጻፍኩ። የክሊክን ችግር ወሰድኩ፣ ነጥቦቹንና መስመሮቹን አንድ በአንድ ወደ ሎጂክ ዓረፍተ ነገር ለወጥኩ፣ መጨረሻ ላይ "ስለዚህ ክሊክ ወደ ሳት ተቀየረ፣ ሳት ከባድ ነው፣ ስለዚህ ክሊክም ከባድ ነው" ብዬ ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመርኩበት። ያውም በማስመሪያ! መምህሩ ከዜሮው ጎን የጻፈው ሦስት ቃል ብቻ ነው፦ "አቅጣጫው ተገልብጧል፣ ድገመው።"

የዛን ዕለት ከመገናኛ ወደ አያት በሚሄደው ባቡር ላይ ተማሪዬ አጠገቤ ቆማ ነበር። እሷ ሙሉ 20 ነው ያገኘችው። ወረቀቴን እንዳላሳያት አጥፌ ኪሴ ከትቼው ነበር፤ ግን ፊቴ ላይ ታየ መሰለኝ።

"ቲቸር፣ ያ የክሊኩ ጥያቄ እንዴት ሆነልዎት?" አለችኝ።

"ገለበጥኩት" አልኳት።

ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "አሥራ አንደኛ ክፍል እያለሁ ሎጂክ ፈተና ላይ ዜሮ የሰጡኝን ያስታውሳሉ? 'ዝናብ ከዘነበ አስፋልቱ ይርሳል፤ አስፋልቱ ረጥቧል፤ ስለዚህ ዘንቧል' ብዬ ጽፌ። እርስዎ በቀይ 'ተገላቢጦሹ አይሠራም፣ መኪና ያጠቡ ይሆናል' ብለው ጻፉበት። አልቅሼ ነበር" አለችኝ።

ምን ልበላችሁ፣ ከዜሮው ይልቅ ይሄኛው ነው ያሳፈረኝ። ስንቱን ልጅ በዚህ ስህተት ጥያለሁ! በራሴ ሲደርስ ግን ስህተቱን መለየት አልቻልኩም። ስለዚህ የድጋሚ ፈተናው ከመድረሱ በፊት በደንብ ሊገባኝ ይገባል ብዬ ተነሳሁ። የገባኝ ደግሞ በመጽሐፉ አይደለም፤ በዛው ሳምንት ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ በተነሳው ጭቅጭቅ ነው። እስቲ ላስረዳችሁ።

የድሮ ተማሪዎቼ ሰብሰብ ብለን ምሳ እንብላ ተባባሉ፣ እኔንም ጠሩኝ። ወሩ ጥቅምት ስለሆነ ገሚሱ የጽጌን ጾም ይጾማል፣ ገሚሱ አይጾምም። መወሰን ያለበት ሦስት ነገር ነው። ቀኑ ቅዳሜ ወይስ እሁድ? ቦታው ቦሌ ወይስ አያት? ምግቡ የጾም ወይስ የፍስክ? የተዋጣው ገንዘብ ለሁለት ዓይነት ምግብ አይበቃም፣ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። እያንዳንዱ ሰው ደግሞ የየራሱን ሦስት ምክንያት ይዞ መጣ፦

ነርሷ፦ "ወይ ቅዳሜ ይሁን፣ ወይ ቦሌ ይሁን፣ ወይ የጾም ይሁን። ከሦስቱ አንዱ ከተሟላልኝ እመጣለሁ።"

ባንክ የሚሠራው፦ "ወይ እሁድ፣ ወይ አያት፣ ወይ የጾም።"

ሹፌሩ፦ "ወይ ቅዳሜ፣ ወይ አያት፣ ወይ የፍስክ።"

ልብ በሉ፣ ማንም ሦስቱም ይሟሉልኝ አላለም። ለእያንዳንዱ አንዱ ይበቃዋል። ግን ሁሉም ሰው መርካት አለበት። ይሄ እንግዲህ ያለምንም ጭማሪ ባለሦስት ሳት የሚባለው ችግር ነው። ቅዳሜን x፣ ቦሌን y፣ የጾምን z በሉት። እሁድ፣ አያትና የፍስክ ደግሞ የእነዚህ ተቃራኒዎች ናቸው። ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

```
(x ∨ y ∨ z) ∧ (¬x ∨ ¬y ∨ z) ∧ (x ∨ ¬y ∨ ¬z)
```

እያንዳንዱ ቅንፍ አንድ ሰው ነው፤ በእንግሊዝኛው ክሎዝ ይሉታል። ቅንፍ ውስጥ ያሉት ሦስቱ ሊተራል ይባላሉ፤ ለእኛ ሦስቱ ምክንያቶች ናቸው። ጥያቄው "ሁሉንም ቅንፍ እውነት የሚያደርግ የ x፣ የ y እና የ z ምርጫ አለ ወይ?" ነው። በእኛ ቋንቋ፣ "ሁሉም የሚመጣበት ፕሮግራም አለ ወይ?"

አሁን ክሊክን ላምጣ። ወረቀት ላይ ነጥቦች አድርጉ፣ አንዳንዶቹን በመስመር አገናኙ። ያ ግራፍ ነው። ክሊክ ማለት እርስ በርስ ሁሉም ከሁሉም ጋር በመስመር የተገናኙ የነጥቦች ስብስብ ነው። እንደ ሰፈር ጓደኞች አስቡት፤ አምስት ሰዎች አምስቱም እርስ በርስ የሚተዋወቁ ከሆነ የአምስት ክሊክ ነው። አንድ ጥንድ እንኳን ካልተዋወቀ አይሆንም። ጥያቄው "በዚህ ግራፍ ውስጥ ብዛቱ k የሆነ ክሊክ አለ ወይ?" የሚል ነው።

የምሳ ጭቅጭቅና የነጥብና መስመር ሥዕል ምን ያገናኛቸዋል? ዋናው ጥበብ እዚህ ጋ ነው። እኔም ባቡር ላይ ደብተሬ ጀርባ ላይ እየሣልኩ ነው ያየሁት።

ለእያንዳንዱ ሰው ለእያንዳንዱ ምክንያት አንድ ነጥብ አደረግኩ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ምክንያት፣ ዘጠኝ ነጥብ። የነርሷ "ቅዳሜ" እና የሹፌሩ "ቅዳሜ" ቃሉ አንድ ቢሆንም ነጥባቸው ለየብቻ ነው። ከዚያ በሁለት ደንብ መስመር አሰመርኩ።

አንደኛው ደንብ፦ የአንድ ሰው ሦስት ነጥቦች እርስ በርስ አይገናኙም።

ሁለተኛው ደንብ፦ የተለያዩ ሰዎች ነጥቦች ይገናኛሉ፤ ተቃራኒ ከሆኑ ግን አይገናኙም። የነርሷ "ቅዳሜ" ከባንኩ ሰውዬ "አያት" ጋር ይገናኛል፣ አብረው መሆን ይችላሉና። ከባንኩ ሰውዬ "እሁድ" ጋር ግን አይገናኝም፣ አንድ ምሳ ቅዳሜም እሁድም አይበላም።

እንቁጠር። በሁለት ሰዎች መካከል 3 በ 3፣ ማለትም 9 ጥንድ አለ። ሦስት የሰው ጥንድ ስላለ በጠቅላላው 27። የሚጋጩትን እንቀንስ። ነርሷና ባንኩ መካከል ሁለት ግጭት አለ፣ ቅዳሜ ከእሁድ እና ቦሌ ከአያት። ነርሷና ሹፌሩ መካከልም ሁለት፣ ቦሌ ከአያት እና የጾም ከየፍስክ። ባንኩና ሹፌሩ መካከልም ሁለት፣ እሁድ ከቅዳሜ እና የጾም ከየፍስክ። 27 ሲቀነስ 6፣ 21 መስመር።

አሁን በዚህ ሥዕል ውስጥ የሦስት ክሊክ ፈልጉ። የነርሷን "ቅዳሜ"፣ የባንኩን "አያት"፣ የሹፌሩን "ቅዳሜ" ውሰዱ። ሦስቱም እርስ በርስ ተገናኝተዋል። ይሄ ክሊክ ምን እያለ ነው? "ቅዳሜ፣ አያት" እያለ ነው። ነርሷ በቅዳሜው ትረካለች፣ ባንኩ በአያቱ፣ ሹፌሩ በቅዳሜው። ስለ ምግቡ ክሊኩ ዝም ብሏል፤ ያ ማለት የጾምም ሆነ የፍስክ እንደፈለጋችሁ አድርጉት፣ ሁሉም ይመጣል። በቃ፣ ምሳው ተወሰነ!

ግን ምሳሌ ማረጋገጫ አይደለም። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምነግራችሁ ነው። ለማንኛውም የሰው ብዛት እንደሚሠራ ማሳየት አለብን፣ ያውም በሁለቱም በኩል። ሰዎቹ m ናቸው እንበል፣ የምንፈልገውም የ m ክሊክ ነው።

አንደኛው በኩል፦ ሁሉንም የሚያረካ ፕሮግራም አለ እንበል። ያኔ እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አንድ የተሟላለት ምክንያት አለው። ከእያንዳንዱ ሰው አንድ የተሟላ ምክንያት እንውሰድ። m ነጥብ አገኘን። ሁሉም ከተለያየ ሰው ናቸው። ሁሉም በአንድ ፕሮግራም ላይ አብረው እውነት ስለሆኑ አንዱም ከሌላው ጋር ተቃራኒ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ በደንባችን መሠረት ሁሉም ተገናኝተዋል። የ m ክሊክ ተገኘ።

ሁለተኛው በኩል፦ በሥዕሉ ውስጥ የ m ክሊክ አለ እንበል። የአንድ ሰው ነጥቦች እርስ በርስ ስለማይገናኙ ክሊኩ ከአንድ ሰው ሁለት ነጥብ ሊወስድ አይችልም። ሰዎቹ m፣ ነጥቦቹም m ስለሆኑ ከእያንዳንዱ ሰው በትክክል አንድ ነጥብ ወስዷል ማለት ነው። በክሊኩ ውስጥ ተቃራኒዎች ስለሌሉ ነጥቦቹ የሚሉትን ሁሉ ያለ ግጭት መፈጸም እንችላለን። ያልተነካውን ነገር እንደፈለግን እንሞላዋለን። ሁሉም ሰው አንድ የተሟላለት ምክንያት አለው። ፕሮግራሙ ተገኘ።

ስለዚህ "ፕሮግራም አለ" እና "ክሊክ አለ" የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አብረው እውነት፣ አብረው ሐሰት ናቸው።

እዚህ ጋ ክፍላችን ውስጥ ብዙ ሰው የተሳሳተበትን ልንገራችሁ። አንደኛውን ደንብ ረስተው የአንድ ሰውን ሦስት ነጥቦችም እርስ በርስ ያገናኙ ነበሩ። ያኔ ምን ይሆናል? የነርሷ "ቅዳሜ፣ ቦሌ፣ የጾም" ብቻቸውን የሦስት ክሊክ ይሆናሉ። ሥዕሉ "አለ!" ይላል፣ እኛ ግን ባንኩንም ሹፌሩንም አልጠየቅናቸውም። ዕድር ላይ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ እጁን እንዳወጣ ማለት ነው። ስህተቱን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሁለተኛውን በኩል ለማረጋገጥ መሞከር ነው። "ከእያንዳንዱ ሰው አንድ ነጥብ" የሚለው ቦታ ላይ ስትደርሱ ምክንያት ታጣላችሁ። አንደኛውን በኩል ብቻ ጽፎ የሚሄድ ሰው ግን ስህተቱን ፈጽሞ አያየውም፣ እሱ በኩል ሁሉም ነገር ሰላም ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ እኔ ዜሮ እንመለስ። ለምንድን ነው ከሳት ወደ ክሊክ መሄድ ያለብን፣ ከክሊክ ወደ ሳት ያልሆነው?

እንዲህ አስቡ። አንድ ሰው መጥቶ "ማንኛውንም የክሊክ ጥያቄ በፍጥነት የሚመልስ ፕሮግራም ጽፌያለሁ" አለ እንበል። ያኔ እኔ የፈለጋችሁትን የምሳ ጭቅጭቅ ታመጣላችሁ፣ ነጥቦቹን እሥላለሁ፣ ለሰውየው እሰጠዋለሁ፣ እሱ "አለ" ወይም "የለም" ይለኛል፣ እኔም ያንኑ ለእናንተ እነግራችኋለሁ። የክሊክ ፈቺ በነጻ የሳት ፈቺ ሆነ። ስለዚህ ሳት ከባድ ከሆነ ክሊክ ቀላል ሊሆን አይችልም። ሳትን ተሸክሟልና።

እኔ የጻፍኩት ግን ተቃራኒውን ነው። "የሳት ፈቺ ካለኝ ክሊክን እፈታለሁ" ነው ያልኩት። እውነት ነው፣ ግን ስለ ክሊክ ክብደት ምንም አይናገርም። ተማሪዬ እዛው ባቡር ላይ ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም፦

"ቲቸር፣ አንድ ኪሎ ሽንኩርት በአይሱዙ ጭነው ቢያመጡ፣ ሽንኩርቱ ከባድ ነው ማለት ነው?"

በቃ። ይሄው ነው። እኔ ሽንኩርቱን አይሱዙ ላይ ጭኜ "አይሱዙ ትልቅ ስለሆነ ሽንኩርቱም ትልቅ ነው" ብዬ ሁለት መስመር አስምሬበታለሁ። "7 ሙሉ ተጋማሽ ቁጥር ነው ወይ?" የሚለውን ጥያቄም ወደ ሳት መቀየር ይቻላል፤ 7 ግን ከባድ አልሆነም። የአንድን መኪና አቅም ማሳየት ከፈለጋችሁ ከባድነቱ የታወቀውን ዕቃ እሱ ላይ ጭናችሁ ማየት ነው። የታወቀው ከባድ ዕቃ ሳት ነው፣ አቅሙ የሚፈተነው መኪና ክሊክ ነው። ጭነቱ ከታወቀው ወደ ሚጠየቀው ነው የሚሄደው።

ይባስ ብሎ የእኔ ሁለት ገጽ አዲስ ነገር እንኳን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1971 ስቲቨን ኩክ የሚባል ሰው አንድ ትልቅ ነገር አረጋግጦ ነበር። መልሱ "አዎ" ሲሆን ማስረጃውን በፍጥነት መመርመር የሚቻልበት ማንኛውም ጥያቄ ወደ ሳት ሊቀየር ይችላል። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ደግሞ ሊዮኒድ ሌቪን ለብቻው ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተመ። እነዚህ በፍጥነት የሚመረመሩ ጥያቄዎች ናቸው ኤንፒ የሚባሉት። ክሊክም ከእነሱ አንዱ ነው። አንድ ሰው መቶ ነጥብ አምጥቶ "ይሄ ክሊክ ነው" ቢላችሁ፣ 4,950 ጥንድ አለ፤ እያንዳንዱ ጥንድ መስመር እንዳለው ማየት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። አሰልቺ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። ስለዚህ ክሊክ ወደ ሳት እንደሚቀየር ኩክ አስቀድሞ ጨርሶታል። እኔ የተጠየቅኩት የጎደለውን ግማሽ ነበር። ያንን ግማሽ ሪቻርድ ካርፕ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጽሑፍ አሳየ። እዛ ጽሑፍ ውስጥ 21 ችግሮች ተዘርዝረዋል፣ ክሊክ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

ሌላ መረሳት የሌለበት ነገር አለ። ቅየራው ራሱ ፈጣን መሆን አለበት። መልሱን ፈልጌ አግኝቼ ከዚያ ሥዕሉን የምሥል ከሆነ ማታለል ነው። የእኛ ቅየራ ምንም አይፈልግም፣ ሁለቱን ደንቦች ብቻ ነው የሚከተለው። መቶ ሰው ቢሆን 300 ነጥብና ቢበዛ 44,550 መስመር ነው፤ ኮምፒውተር ዓይኑን ሳያሽ ይሠራዋል። ከመቶዎቹ ሰዎች አንድ አንድ ምክንያት እየመረጡ ሁሉንም መሞከር ግን 3ን በራሱ መቶ ጊዜ ማባዛት ነው። ያ ቁጥር 48 አሃዝ አለው። ከባድነቱ ያለው ፍለጋው ላይ እንጂ ሥዕሉ ላይ አይደለም።

ባለፈው ክፍል ውስጥ አንዱ ልጅ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። "ግን እኮ የሦስት ክሊክ መፈለግ ቀላል ነው፤ ከዘጠኝ ነጥብ ሦስት ሦስት እየመረጥኩ 84 ጊዜ ብሞክር አለቀ!" ልክ ነው። k ሦስት ሆኖ ከቀረ፣ ነጥቦቹ ሺህ ቢሆኑም ኮምፒውተር ይጨርሰዋል። ክሊክ የሚከብደው k ራሱ ከግራፉ ጋር አብሮ ሲያድግ ነው። በእኛ ቅየራ ደግሞ k የሰዎቹ ብዛት ነው፣ ሰው በጨመረ ቁጥር ይጨምራል።

አሁን "የለም" የሚለውን መልስ ላሳያችሁ። የምሳው ፕሮግራም በጠቅላላው 8 ዓይነት ብቻ ነው፣ 2 በ 2 በ 2። ሦስት ምክንያት የሚያቀርብ ሰው ከስምንቱ አንዱን ብቻ ነው እምቢ የሚለው። ነርሷ የማትመጣው እሁድ፣ አያት፣ የፍስክ ሲሆን ብቻ ነው፤ ሌላው ሰባቱ ይስማማታል። በጣም ቀና ሰዎች ናቸው! ግን ስምንት ሰው ቢመጣና እያንዳንዱ የተለያየ አንድ ፕሮግራም እምቢ ቢልስ? ማንም ግትር ሳይሆን ሁሉንም የሚያስማማ ፕሮግራም ይጠፋል። ሥዕሉ ላይ 24 ነጥብ፣ 252 ጥንድ፣ 48 ግጭት፣ ስለዚህ 204 መስመር ይኖራል። ያ ሁሉ መስመር ተሰምሮ የስምንት ክሊክ የለም። የሰባት ግን አለ፣ ምክንያቱም የትኛውንም ፕሮግራም ብትመርጡ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀረው። ሥዕሉ በመስመር ስለተጨናነቀ ብቻ "ይኖራል" ብላችሁ አትገምቱ።

ሌላም ነገር ታዝባችኋል? "አለ" ላለ ሰው ክሊኩን አሳየን ይበቃል። "የለም" ላለ ሰው ግን ምን ያሳያል? እኛ ፕሮግራሙ ስምንት ብቻ ስለሆነ ቆጥረን ጨረስን። የሚወሰነው ነገር ሦስት ሳይሆን ሰባ ቢሆን ቆጠራው አያልቅም። በሁሉም ሁኔታ የሚሠራ አጭር መንገድ እስካሁን ማንም አላገኘም፤ እንደሌለም ማንም አላረጋገጠም። አሜሪካ ያለው ክሌይ የሒሳብ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 ለዚህ ጥያቄ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት መድቦ ነበር፣ ገንዘቡ አሁንም ተቀምጧል።

የድጋሚ ፈተናው ባለፈው እሁድ ነበር። ጥያቄው ትንሽ ተለውጦ ያው ነው። መጀመሪያ ወረቀቱ ጥግ ላይ በትንሹ "ሽንኩርት" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኤንፒ ውስጥ መሆኑን፣ ሥዕሉን፣ ሁለቱን በኩል፣ የሥዕሉን መጠን በየተራ አስቀመጥኩ። 17 አገኘሁ። ሦስቱ የተቀነሱት "ያልተነካውን እንደፈለግን እንሞላዋለን" የሚለውን ስለዘለልኩ ነው። ተገቢ ነው፣ እኔም ብሆን እቀንስ ነበር።

ምሳው ደግሞ ቅዳሜ፣ አያት፣ የጾም ሆነ። ምግቡን ክሊኩ ነጻ ስለተወው ለጾመኞቹ አደላን። እኔ አራተኛ ሰው ሆኜ ሁኔታዬን አቅርቤ ነበር፦ ወይ እሁድ፣ ወይ አያት፣ ወይ የፍስክ። በአያቱ ረካሁ፣ ከክላስ ወጥቼ ደረስኩ። ተማሪዬም ከእኔ ጋር መጣች። ሰው ሁሉ ፊት ያችን የአሥራ አንደኛ ክፍል ወረቀት አነሳሁና ይቅርታ ጠየቅኳት። ዜሮውን አይደለም፣ ዜሮው ልክ ነበር። ግን ከዜሮው አጠገብ ቁጭ ብዬ አላስረዳኋትም፤ በቀይ ጽፌ አለፍኩ። እሷ ግን ለእኔ ከመገናኛ እስከ አያት ድረስ ቆማ አስረዳችኝ።

የቤት ሥራ ለሚወድ፦ እኔን አራተኛ አድርጋችሁ ሥዕሉን ድገሙት። 12 ነጥብ ይሆናል። መስመሩ ስንት ነው? የ"ቅዳሜ፣ አያት" ክሊክ ውስጥ የእኔ ነጥብ የትኛው ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ቀድሞ ላገኘ ማኪያቶ አለ። አቅጣጫ የገለበጠ ካለ ደግሞ አያፍር፣ እኔም አለሁ።